አሮጌ ፍሎረሰንት ወርዶ ኤልኢዲ ባተን ሲሰቀል የገመዱ ሥራ

ጥያቄ፦ «የሳሎናችን ባለ 1.20 ሜትር ፍሎረሰንት ሲበራ ብልጭ ድርግም ይላል። ስታርተሩን ሁለት ጊዜ ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። አሁን ባለ 36 ዋት ኤልኢዲ ባተን ገዝቻለሁ። ሦስት ገመድ አለው፤ ቡናማ፣ ሰማያዊ እና አረንጓዴ-ቢጫ። ከኮርኒሱ የሚወጣው ግን ሁለት ገመድ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ጥቁር። ባላስቱ ይቅር ወይስ ይውጣ? ሦስተኛውን ገመድ የት ላስገባው? ጎረቤታችን ከቀየሩ በኋላ ማታ አጥፍተውትም ጭል ጭል ይላል፤ የኛም እንደዚያ እንዳይሆን ፈራሁ።»

ምላሽ፦

ባላስቱም፣ ስታርተሩም፣ የቱቦው መያዣዎችም ሁሉም ይወጣሉ። ኤልኢዲው የራሱን መቆጣጠሪያ በሆዱ ይዟልና ከኮርኒሱ የሚመጡት ሁለት ገመዶች በቀጥታ ከእሱ ጋር ይገናኛሉ፤ ኃይል የሚያመጣው ፌዝ ከቡናማው፣ መመለሻው ኒውትራል ከሰማያዊው ጋር። አረንጓዴ-ቢጫው ከምድር ጋር የሚያገናኘው የኧርዝ ገመድ ነው። ኧርዝ ከሌለ ከኒውትራሉ ጋር ማሰር በፍጹም አይገባም፤ ምክንያቱን እመለስበታለሁ። የጎረቤትዎ ጭል ጭል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የመብራቱ ጥፋት አይደለም። ማብሪያ ማጥፊያው ፌዙን መቁረጥ ሲገባው ኒውትራሉን ሲቆርጥ የሚመጣ ነው። የእርስዎ ገመዶች ሁለቱም ጥቁር ስለሆኑ ከምንም በፊት ይህንኑ ማወቅ ያስፈልግዎታል።

አሮጌው መብራት ይህን ስህተት ለዓመታት ደብቆ ሊኖር ይችላል። ፍሎረሰንት እንዲበራ ስታርተሩ ተዘግቶ የቱቦውን ሁለት ጫፎች ማጋል አለበት፤ ከዚያ ሲከፈት ባላስቱ ከፍ ያለ ቮልት ይረጫል፣ ቱቦውም ይነሳል። ይህ ሁሉ በቂ ጉልበት ይፈልጋል። ማብሪያው ጠፍቶ በገመድ ላይ የምትቀር ኢምንት ኃይል ቱቦውን ልትቀሰቅሰው አትችልም፤ ስለዚህ ማብሪያው የትኛውን ገመድ እንደሚቆርጥ ዓይን አያየውም። ኤልኢዲ ግን በጥቂቱም ይበራል። ፌዙ ሳይቆረጥ እስከ መብራቱ ድረስ ከደረሰ፣ በብረቱ አካልና በገመዶቹ በኩል ሾልኮ የሚያልፈው ትንሽ ኤሌክትሪክ መብራቱን እንደ ፍም ያቆየዋል፤ ወይም ካፓሲተሩን ቀስ እያለ እየሞላ በየጥቂት ሰከንዱ ብልጭ ያደርገዋል። ጭልጭታው ራሱ የሚጎዳ ነገር አይደለም። አደጋው የሚያመለክተው ነገር ላይ ነው፤ ማብሪያውን አጥፍተው መብራቱን የሚነካ ሰው 220 ቮልት ያለበትን ገመድ ይነካል ማለት ነው።

ከማውረድዎ በፊት

ብልጭ ድርግም የሚለው ከመብራቱ ነው ወይስ ከመስመሩ? ከመስመሩ ከሆነ አዲሱም ያው ይሆናል። የቱቦው ጫፎች ጣት በሚያህል ስፋት ጠቁረው ከሆነና የሌሎች ክፍሎች መብራቶች ደህና ከሆኑ ቱቦው አርጅቷል። ያረጀ ቱቦ ከበራ በኋላ በጫፎቹ መካከል ያለው ቮልት ከተለመደው 100 ቮልት ገደማ በላይ ይወጣል፤ ስታርተሩም ገና ያልበራ መስሎት ደጋግሞ ይተኩሳል። ስታርተር መቀየሩ ያልጠቀመዎት ለዚህ ነው። በሌላ በኩል ብልጭታው ማታ ሁሉም ሰው ምድጃና ምጣድ በሚለኩስበት ሰዓት ብቻ የሚብስ ከሆነ በዚያ ሰዓት ሶኬት ላይ በመልቲሜትር ይለኩ። ወደ 180 ቮልትና ከዚያ በታች የሚወርድ ከሆነ የገዙት ባተን ጀርባ ላይ የተጻፈውን ይመልከቱ። «220–240» ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ በወረደ ቮልት ሊደበዝዝ ወይም ሊርገበገብ ይችላል፤ «85–265» የሚለውን ዓይነት ሻጩ እንዲለውጥልዎ ይጠይቁ። ሁለቱ ከውጭ አንድ ይመስላሉ።

ሌላው መስመሩን የሚያሳብቅ ምልክት፣ ማብሪያውን ሲነኩት ወይም ከኮርኒሱ በላይ አይጥ ስትሮጥ የሚጠፋና የሚበራ መብራት ነው። እዚያ የላላ መገጣጠሚያ አለ፤ ገመዶቹ የሚገናኙበት ሳጥን፣ ስካቶላው፣ ተከፍቶ መጥበቅ አለበት። የላላ ገመድ ይግላል፣ ቺፑድ ኮርኒስ ላይ ደግሞ መጋል የእሳት መነሻ ነው።

ማጥፋትና መጥፋቱን ማረጋገጥ

ማብሪያውን ማጥፋት አይበቃም፤ ለምን እንደሆነ ከላይ አይተናል። የመብራቱን ብሬከር ማጥፋትም አንዳንድ ቤት አይበቃም። ባለ አንድ ፖል ብሬከር የሚቆርጠው አንድ ገመድ ብቻ ነው፤ ያስገባው ሰው ፌዝና ኒውትራሉን አዛብቶ ከሆነ ብሬከሩ ወርዶም ፌዙ ኮርኒሱ ድረስ ይቀመጣል። ስለዚህ ሁለቱንም ገመድ በአንድ ጊዜ የሚቆርጠውን ዋና ማጥፊያ፣ ከቆጣሪው ቀጥሎ ያለውን፣ ያውርዱ። ቤት ላሉት ሰዎች ይንገሩ፤ ጨለማ ሲሆንባቸው መጥተው እንዳያበሩት።

ከዚያ መፈተሽ ነው። የቴስተር ካቻቪቴውን አስቀድመው ኃይል እንዳለው በሚያውቁት ሶኬት ላይ ይሞክሩት፣ ዋናውን ያጥፉ፣ መብራቱ ላይ ይሞክሩ፣ ገመድ ከመንካትዎ በፊት ደግሞ ዋናውን ለአፍታ አብርተው እንደገና ሶኬቱ ላይ ይሞክሩና መልሰው ያጥፉት። መሃል ላይ የሞተ ቴስተር «ኃይል የለም» ብሎ ሊያታልል ይችላል፤ በፊትና በኋላ መሞከሩ ለዚህ ነው።

አሮጌውን ማውረድ

ቱቦውን በሁለት እጅዎ ጫፎቹ አካባቢ ይዘው ሩብ ዙር ያሽከርክሩት፣ ፒኖቹ ከመያዣው ቀጥ ብለው ሲወጡ ያውርዱት። አይጣመም፤ አይታገሉት። ውስጡ ሜርኩሪ አለው፣ መጠኑ በሚሊግራም የሚቆጠር ቢሆንም በትነት የሚገባው ወደ ሳንባ ነው። ከተሰበረ መስኮት ከፍተው ልጆችን ከክፍሉ ያውጡ፤ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተው ስባሪውን በካርቶን ያፍሱ፣ ዱቄቱን በናስትሮ ያንሱ። መጥረጊያም ቫኪዩምም አይጠቀሙ፤ ይበትኑታል። ያልተሰበረውን አዲሱ በመጣበት ካርቶን ውስጥ ከተው በጥንቃቄ ያስቀምጡ፤ ሰባብረው ከሌላ ቆሻሻ ጋር አይጣሉት።

ሽፋኑን ሲፈቱ ባላስቱን፣ ስታርተሩን፣ አንዳንዴም እንደ ትንሽ ቆርቆሮ ጣሳ ያለ ካፓሲተር ያገኛሉ። ካፓሲተሩ ከጠፋ በኋላም ለትንሽ ጊዜ ኃይል ስለሚይዝ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፣ ሁለቱን ጫፎቹንም በእጅ አይንኩ። ከኮርኒሱ የገቡት ገመዶች የታሰሩበትን ሞርሴቲ ከመፍታትዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሱት።

እዚህ ላይ ቁጥሩን ልብ ይበሉ። ሁለት ገመድ ብቻ ከገባ ነገሩ ቀላል ነው። አራት ከገቡ፣ ማለትም በእያንዳንዱ የሞርሴቲ ቀዳዳ ሁለት ሁለት ሆነው ከታሰሩ፣ ጥንዶቹ ወደ ሌላ መብራት እያለፉ ነው። ጥንድ ከጥንድ ሳይለያይ አንድ ላይ መቆየት አለበት፤ አለበለዚያ አዲሱ በርቶ የበረንዳው ይጠፋብዎታል።

የትኛው ጥቁር ፌዝ ነው?

ይህ የሥራው ልብ ነው። ኃይሉ እንደጠፋ ሁለቱን ጥቁር ገመዶች 8 ሚሊሜትር ያህል ልጠው በአዲስ ሞርሴቲ ውስጥ ለየብቻ ቀዳዳ ያስገቡና ያጥብቁ፣ አንዱን በነጭ ናስትሮ ምልክት ያድርጉበት። ራቁት ጫፍ ተንጠልጥሎ ኃይል እንዲለቀቅበት አያድርጉ፤ መፈተሻው በሞርሴቲው ብሎን ቀዳዳ በኩል ነው። አሁን ኃይሉን ይልቀቁና መሰላሉን ደረቅ ወለል ላይ አቁመው ይውጡ።

ማብሪያው ሲበራ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ቴስተሩን ያበራል። እሱን «ሀ» እንበለው፣ ሌላውን «ለ»። ከዚያ አንድ ሰው ማብሪያውን ያጥፋልዎ። «ሀ» ከጠፋ ማብሪያው ፌዙን እየቆረጠ ነው፣ ሥራው ትክክል ነው፤ «ሀ» ወደ ቡናማው፣ «ለ» ወደ ሰማያዊው ይገባሉ። «ሀ» እንደ ቀድሞው ደምቆ ከቀጠለ ግን ማብሪያው ኒውትራሉ ላይ ነው፤ የጎረቤትዎ ችግር እዚህ ቤትም አለ ማለት ነው።

መሃል ላይ የሚያደናግር ነገር አለ። ማብሪያው ጠፍቶ «ሀ» ደብዘዝ ብሎ ሊበራ ይችላል፣ ምክንያቱም በአንድ ቱቦ አብረው ከተጎተቱ ገመዶች የሚዛመት ኃይል አለ። ይህን ለመለየት ተራ የድሮ ዓይነት ባለ ክር አምፖል ገመድ ባለው የአምፖል መያዣ ውስጥ አድርገው፣ አንዱን ጫፍ ከ«ሀ»፣ ሌላውን በሌላ መስመር ከሚታወቅ ኒውትራል ጋር ያገናኙት። እውነተኛ ፌዝ አምፖሉን ያበራዋል፤ የተዛመተ ኃይል ግን አምፖሉ ሲነካው ወዲያው ይሞታል። ግንኙነቱን ሲሠሩ ዋናው መጥፋት አለበት፣ ተገናኝቶ ካለቀ በኋላ ነው የሚበራው።

ማብሪያው ኒውትራሉ ላይ ከተገኘ

ማስተካከያው ኮርኒሱ ላይ ሳይሆን ስካቶላው ውስጥ ነው። የአንድ መብራት ስካቶላ ሲከፈት በተለምዶ ስድስት ጫፍ ይገኛል፤ መጪው ፌዝና ኒውትራል፣ ወደ ማብሪያ የሚወርዱ ሁለት፣ ወደ መብራት የሚሄዱ ሁለት። በተሳሳተው አሠራር መጪው ፌዝ በቀጥታ ከመብራቱ «ሀ» ጋር ታስሯል፤ ኒውትራሉ ወደ ማብሪያው ወርዶ ተመልሶ «ለ»ን ይመግባል። የሚለወጡት ሁለት ማሰሪያዎች ብቻ ናቸው። ከኒውትራሉ ጋር የታሰረውን የማብሪያ ገመድ ፈትተው ከመጪው ፌዝ ጋር ያስሩታል፤ ከፌዙ ጋር የነበረውን «ሀ» ፈትተው ከመጪው ኒውትራል ጋር ያስሩታል። የማብሪያው ሁለተኛ ገመድና «ለ» ባሉበት ይቆያሉ።

ብዙ ሰው የሚስተው ከዚህ በኋላ ነው፦ አሁን መብራቱ ጋ የገመዶቹ ማንነት ተገላብጧል። ፌዝ የነበረው «ሀ» ኒውትራል ሆኗል፣ ማብሪያውን የሚታዘዘው ፌዝ ደግሞ «ለ» ነው። ስለዚህ ናስትሮውን ቀይረው ፈተናውን ከመጀመሪያው ይድገሙት፤ በፊት የጻፉትን አምነው አይሰሩ።

አንድ ስካቶላ ውስጥ የብዙ ክፍል ገመድ ተጠማዝሞ ካገኙ፣ ወይም ብሬከሩን ብቻ አውርደው «ሀ» ካልጠፋ፣ እጅዎን ያንሱ። ሁለተኛው የሚነግርዎ የፌዝና የኒውትራል መዛባት ከብሬከሩ ሳጥን ጀምሮ እንዳለ ነው፤ የቤቱ መብራት ሁሉ እንደዚያ ስለሆነ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ሳጥኑ ላይ ያስተካክለዋል፣ በአንድ መብራት አይፈታም።

ሦስተኛው ገመድ

ባተንዎ አረንጓዴ-ቢጫ ገመድ ይዞ የመጣው አካሉ ብረት ስለሆነ ነው። ከኒውትራሉ ጋር ማሰር ለምን እንደማይገባ ይኸው። ኒውትራሉ ከመብራቱ በፊት የሆነ ቦታ ቢበጠስ ወይም ቢላላ፣ ፌዙ በመብራቱ መቆጣጠሪያ በኩል አልፎ ወደዚያ ወደ ተበጠሰው ኒውትራል ይመጣል፤ ከእሱ ጋር ደግሞ የመብራቱ ብረት ታስሯል። መብራቱ ጠፍቶ «ተበላሸ» ብሎ ሊያወርደው የሚወጣ ሰው የሚይዘው ያንን ብረት ነው።

ቤቱ ኧርዝ ካለው፣ ይኸውም ሶኬቶቹ ላይ በፌዝና በኧርዝ መካከል 220 ቮልት ገደማ፣ በኒውትራልና በኧርዝ መካከል ወደ ዜሮ የሚጠጋ ካገኙ፣ ከቅርቡ ስካቶላ አንድ ባለ 1.5 ካሬ አረንጓዴ-ቢጫ ገመድ በዚያው ቱቦ ወደ መብራቱ ይጎተታል። በፌዝና በኧርዝ መካከል 60 ወይም 100 ቮልት የመሰለ እንግዳ ቁጥር ካነበቡ ግን የኧርዝ ቀዳዳው ከምድር ጋር አልተገናኘም፤ ለስም ነው ያለው።

ኧርዝ ጨርሶ ከሌለ የኔ ምክር የብረቱን ባተን መልሰው ፕላስቲክ አካል ባለው፣ አንዱ ካሬ በሌላው ውስጥ የተሳለበት ምልክት ባለው ዓይነት ማስለወጥ ነው። ያ ምልክት ድርብ ሽፋን አለው፣ ኧርዝ አይፈልግም ማለት ነው። የብረቱን ያለ ኧርዝ ሰቅሎ «ሲነካ ትንሽ ይነዝራል» እያሉ መኖር ልጆች ባሉበት ቤት አይመከርም።

መስቀልና ማገናኘት

የባተኑ ክሊፖች ከሁለቱ ጫፍ 20 ሳንቲሜትር ገደማ ገባ ብለው ይታሰራሉ። ኮርኒሱ ቺፑድ ከሆነ ብሎኑ ሞራሌ ማግኘት አለበት፤ ቺፑድ ብቻውን ከጊዜ ብዛት ይለቃል። በጣት ሲያንኳኩ ድምፁ የሚደፈንበት ቦታ ሞራሌው ነው። ኮንክሪት ከሆነ በባለ 6 ቁጥር መሰርሰሪያ፣ በባለ 6 ፊሸር ይያዛል። አሮጌዎቹን ቀዳዳዎች ለመጠቀም ብለው ክሊፑን አያጣሙት።

ገመዱ ሲያጥር ይታያል፤ የአሮጌው መግቢያ መሃል ላይ፣ የአዲሱ ጫፍ ላይ ሊሆን ይችላልና። ተጨማሪ ገመድ ሲቀጥሉ ማያያዣው ክዳን ያለው ትንሽ ስካቶላ ውስጥ ይግባ። ጠምዝሞ በናስትሮ ጠቅልሎ ከኮርኒስ በላይ መወርወር የተለመደ ነው፤ ናስትሮው በሙቀት ደርቆ ይላቀቃል፣ ያ ራቁት ገመድ ደግሞ ከእንጨትና ከአቧራ ጋር ይቀራል።

አብዛኛው ግንኙነት የሚበላሸው እዚህች ትንሽ ቦታ ላይ ነው፤ የባተኑ ገመድ በቀጫጭን ክሮች የተሠራ ለስላሳ ነው፣ የኮርኒሱ ደግሞ አንድ ወፍራም ሽቦ። ሁለቱ በአንድ የሞርሴቲ ቀዳዳ ሲገቡ ብሎኑ ወፍራሙን ይጨብጥና ቀጭኑ ሳይያዝ ይቀራል። ለስላሳውን ጠምዝመው ለሁለት ያጥፉት፤ ወይም የመዳብ ቱቦ ጫፍ ያልብሱት፤ ከዚያ አንዱን በአንድ በኩል፣ ሌላውን በሌላ በኩል አስገብተው እያንዳንዱን በራሱ ብሎን ያጥብቁ። ሁለት ማንሻ ያለው የፕላስቲክ ማያያዣ ካገኙ ከሁሉም ይሻላል፤ ወፍራሙንም ቀጭኑንም እኩል ይይዛል። አጥብቀው ሲጨርሱ እያንዳንዱን ገመድ ለየብቻ ሳብ ያድርጉት። የሚንሸራተት ካለ እንደገና። ብሎኑ የገመዱን ፕላስቲክ ነክሶ እንዳይሆንም ይዩ፤ ለጊዜው ይበራል፣ ከሳምንት በኋላ ብልጭ ድርግም ይጀምራል።

ካበሩት በኋላ

ማብሪያውን አጥፍተው ክፍሉን ያጨልሙና ዓይንዎ እስኪለምድ ሁለት ደቂቃ ይጠብቁ። ምንም ጭላንጭል ከሌለ የፌዙ ጉዳይ ተጠናቋል። ፌዙ በትክክል እየተቆረጠም ጭል ጭል ካለ ማብሪያው ላይ ቀይ ወይም ብርቱካናማ ጠቋሚ መብራት እንዳለ ይመልከቱ፤ ያች ጠቋሚ የምትበራው በኤልኢዲው በኩል በሚያልፍ ኃይል ነው። ማብሪያውን በተራው ዓይነት መቀየር ወይም ጠቋሚዋን መንቀል ያጠፋዋል።

እንደበራ ብሬከሩ ከወደቀ ገመድ ተነክሶ ብረቱን ነክቷል ወይም ፌዝና ኒውትራል ተገናኝተዋል። ደጋግመው አያንሱት፤ አውርደው ይዩ። በስልክ ካሜራ ሲታይ ጥቁር ሰንበሮች ወፍረው የሚንቀሳቀሱ ከሆነ ደግሞ ባተኑ ርካሽ መቆጣጠሪያ አለው፤ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ዓይን በቀጥታ አያየውም፣ ሲያነቡ ግን ያደክማል። ሰንበር የማያሳየውን ቢያስለውጡ ይሻላል።

ዋቱ እውነት መሆኑን በቆጣሪዎ ማረጋገጥ ይችላሉ። ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ነቅለው ባተኑን ብቻ ያብሩና የቆጣሪውን ቀይ ብልጭታ በሰዓት ይለኩ። ፊቱ ላይ «1600 imp/kWh» ከተጻፈ፣ እውነተኛ 36 ዋት በየ62 ሰከንድ ገደማ አንድ ጊዜ ያበልጨዋል። አሮጌው ከነባላስቱ 45 ዋት ገደማ ስለሚበላ በየ50 ሰከንዱ ነበር። ወደ 125 ሰከንድ የሚጠጋ ካገኙ የገዙት 18 ዋት ነው፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ምንም ይሁን። ኮርኒሱ ዝቅ ላለ መካከለኛ ሳሎን 18 ዋቱም ራሱ ሊበቃ ይችላል፤ አሮጌው ቱቦ ከብርሃኑ ግማሽ ያህሉን ወደ ኮርኒስ ይልክ ነበር፣ ኤልኢዲው አብዛኛውን ወደ ታች ነው የሚያወርደው። 36 ብለው ከፍለው ከሆነ ግን ልዩነቱን መጠየቅ መብትዎ ነው።

መብራት ሲሄድ ማብሪያውን አጥፍተው ይቆዩ፣ ከተመለሰ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ያብሩ። ኃይሉ ሲመለስ የሚዘለው ቮልት ባላስቱን ብዙም አይጎዳውም ነበር፤ የኤልኢዲውን መቆጣጠሪያ ግን ሊያቃጥለው ይችላል።